የደረቀ ፍራፍሬና ትኩሱ፦ ዘቢብና ተምር በመቶ ግራምም በእፍኝም ስንት ካርቦ አላቸው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ስኳር ከታወቀባት ሁለት አመት ሆናት፣ ታይፕ 2 ነው የተባለው፣ ኪኒን ትወስዳለች። ማንጎ፣ ሙዝና ወይን ስኳር ይጨምራል ብለን አስተውናት በምትኩ ከቀፊራ ገበያ ዘቢብና ተምር እየገዛን ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ እፍኝ እንሰጣታለን፣ ደረቅ ስለሆነ ይሻላል ብለን። ስኳሯ ግን አልወርድ አለ። የደረቀውና ትኩሱ ካርቦሃይድሬቱ ምን ያህል ይለያያል? በመቶ ግራምም በእፍኝም ብትነግሩኝ። እህታችሁ ከድሬ፣ ሳቢያን»

እህቴ ፈጣሪ ምህረቱን ያውርድላቸው። እኔም እዚሁ ድሬ ነኝ፣ ስነ ምግብ ነው ስራዬ፣ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ቁጭ ብዬ ምን እንደበሉ መጠየቅ የእለት ተእለት ስራዬ ስለሆነ ያንቺን ጥያቄ ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቁጥሩን መጀመሪያ ልስጥሽ። ትኩስ ወይን በመቶ ግራም 18 ግራም አካባቢ ካርቦሃይድሬት አለው፣ ዘቢብ ደሞ በዛው በመቶ ግራም 79 ግራም። ተምር 75 ነው። ያስተዋችኋቸው ማንጎ 15 ብቻ ነው፣ ሙዝ እንኳን ከትኩሶቹ ከባዱ የሚባለው 23 ነው። ማለትም ከቀላሉ ከልክላችኋቸው ከባዱን ነው የሰጣችኋቸው፣ ዘቢቡን ከወይኑ ጋር በክብደት ስናየው ከአራት እጥፍ በላይ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ይሄን ስህተት በሳምንት አንዴ ሳልሰማ አልቀርም፣ የተማረውም ያልተማረውም «ደረቅ» ሲባል ቀላል ይመስለዋል።

ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ከገባሽ ቁጥሩን መሸምደድ አያስፈልግሽም። ትኩስ ወይን ከመቶው ሰማንያ አንዱ ውሃ ነው። ፀሀይ ላይ ሲሰጣ የሚሄደው ውሃው ነው፣ ስኳሩ አይተንም። ልብስ ስታሰጪ እንደማለት ነው፣ በድሬ ፀሀይ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ውሃው ጠፍቶ ቀለል ይላል ግን ጨርቁ እዛው ነው፣ አንድ ክር አልጎደለም። አሁን አንድ ኪሎ ወይን እናድርቅ። ኪሎው ውስጥ 180 ግራም ካርቦ አለ። ስናደርቀው ሩብ ኪሎ እንኳን የማይሞላ፣ 230 ግራም የማይደርስ ዘቢብ ይወጣል፣ እና ያ 180 ግራም ካርቦ ሙሉ በሙሉ እዛች ትንሽ ዘቢብ ውስጥ ተጨምቆ ተቀምጧል። አልጨመረም አልቀነሰም፣ ቦታ ነው የጠበበው። ስለዚህ «ሲደርቅ ስኳሩ ይጨምራል» የሚሉትም «ሲደርቅ ስኳሩ ይጠፋል» የሚሉትም ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቫይታሚን ሲው ግን በብዛት ይጠፋል፣ ፋይበሩ ይቀራል፣ ይሄን በቅንፍ ያዢው።

አሁን ወደ እፍኙ እንምጣ፣ የቤታችሁ ችግር እዚህ ጋር ነው ብዬ ነው የማስበው። እፍኝ መለኪያ አይደለም። አንዱ እፍኝ ሲል ሁለት እጁን ገጥሞ ነው፣ አንዱ አንድ እጁን ጎድጎድ አርጎ፣ ሌላው ጨብጦ የያዘውን። ሰው ቢሮዬ መጥቶ «እፍኝ ነው የበላሁት» ሲለኝ እጅህን አሳየኝ እለዋለሁ ሁሌም። እኔ ራሴ እቤት የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ አድርጌ አይቼዋለሁ፣ በአንድ እጄ ጎድጎድ አርጌ ያነሳሁት ዘቢብ 45 ግራም መጣ፣ ባለቤቴ በሱ እጅ ሲያነሳ 62 ግራም፣ ሁለት እጄን ገጥሜ ሳነሳ 120 ግራም። ወደ ካርቦ ስትቀይሪው የኔ አንድ እጅ 35 ግራም ነው፣ የባለቤቴ 49፣ ሁለት እጅ እፍኙ ደሞ 95 ግራም ገደማ። ሁሉም «አንድ እፍኝ ዘቢብ» ነው ስሙ! እናትሽ ራሳቸው ቆንጥረው ነው የሚበሉት ወይስ ወንድምሽ ነው አፍሶ የሚሰጣቸው፣ ይሄ ብቻውን እጥፍ ሊያመጣ ይችላል።

ትኩስ ወይኑንም በዛው እጄ አንስቼ አየሁት፣ 11 ፍሬ ያዘ፣ 56 ግራም። ካርቦው 10 ግራም። ልብ በይ እንግዲህ፣ ያው እጅ ነው፣ ወይን ሲይዝ 10 ግራም ዘቢብ ሲይዝ 35። ብዙ ሰው በእፍኝ ሲሆን ልዩነቱ የሚጠብ ይመስለዋል ምክንያቱም «ዘቢቡ ቀላል ነው እጅ ላይ አይመዝንም» ይላል፣ ግን ወይኑ ክብ ስለሆነ በመሀል በመሀሉ አየር ይይዛል፣ ዘቢቡ ደሞ እርስ በርሱ ተጣብቆ ክፍተቱን ሁሉ ይሞላል፣ ስለዚህ እጅ ላይ ያለው ክብደት ብዙም አይራራቅም፣ በእፍኝም ቢሆን ልዩነቱ ወደ ሶስት ተኩል እጥፍ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በመቶ ግራም ያየሽው እውነት እጅሽ ላይም ያው ነው ማለት ይቻላል።

በፍሬ ስትቆጥሪው ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ይሄን ሰው ብዙ አያስተውለውም። አንድ ዘቢብ ማለት አንድ ወይን ነበር። ስለዚህ አንድ ዘቢብ ውስጥ ያለው ስኳር ድሮ ወይን ሆኖ ሳለ የነበረው ስኳር ነው፣ ከዛ አይበልጥም። ዘቢብ የሚሆነው ወይን ብዙ ጊዜ ትንንሹ አይነት ስለሆነ አንዱ ዘቢብ ግማሽ ግራም ቢመዝን ነው፣ ስኳሩም ግማሽ ግራም አይሞላም። ታዲያ ችግሩ የት ነው ካልሽኝ፣ ማንም ዘቢብ ቆጥሮ አይበላም። የኔ 45 ግራም እፍኝ ዘጠና ፍሬ ገደማ ነው። ዘጠና ፍሬ ወይን አስቀምጠሽ ብላ ብትይው ሰው መሀል ላይ ሆዱ ይሞላል፣ ውሃው ያጠግባል፣ ማኘኩም ጊዜ ይወስዳል፣ 200 ግራም የሚሆን ዘለላ ነው። ዘጠና ዘቢብ ግን ቡና እስኪፈላ ያልቃል፣ ሳህኑን ሲያዩት እንኳን ምንም የበሉ አይመስላቸውም። ሰው ደረቁን ሲበላ አብዝቶ የሚበላው ስለሚሰስት አይደለም፣ «በቃኝ» የሚያሰኘው ውሃ ስለተወሰደበት ነው።

ተምሩ ጋር ስንመጣ ትንሽ ለየት ይላል፣ ምክንያቱም ተምር እዚህ እኛ ጋር ትኩሱን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፣ ስናውቀው ጀምሮ ደርቆ ወይም ከፊል ደርቆ ነው፣ ስለዚህ ሰው የደረቀ ፍራፍሬ ነው ብሎ አያስበውም ራሱን የቻለ ነገር ነው የሚመስለው። ግን ከመቶው ሃያ ገደማ ብቻ ነው ውሃው፣ ከዘቢብ ብዙም አይርቅም። ተምር አንድ ጥሩ ነገር አለው፣ ይቆጠራል። ስለዚህ እንደዚህ አርጊ፣ ቀጥሎ ቀፊራ ስትሄጂ ሩብ ኪሎ ብቻ አስመዝኚና እቤት ገብተሽ ቁጠሪው። ለምሳሌ 30 ፍሬ ቢሆን 250ን ለ30 ስታካፍይው አንዱ ተምር 8 ግራም ከምናምን ይመጣል። ከዛ ላይ ውስጡ ያለውን ፍሬ አንድ አስረኛ ገደማ ቀንሺለት፣ የሚበላው 7 ግራም ተኩል ነው። ከሱ ውስጥ ሶስት አራተኛው ካርቦ ስለሆነ አንዱ ተምር 5 ግራም ተኩል አካባቢ ካርቦ አለው ማለት ነው። በቃ፣ ይሄን አንዴ ከሰራሽ በኋላ ሚዛን አያስፈልግሽም፣ የምትገዢው አይነት እስካልተቀየረ ድረስ መቁጠር ብቻ።

አይነቱ ከተቀየረ ግን ተጠንቀቂ። ያ ትልልቁ፣ ለስላሳው፣ በካርቶን የሚመጣው ተምር አንዱ ብቻውን ፍሬው ወጥቶ 24 ግራም ይመዝናል፣ 18 ግራም ካርቦ ነው። ከትንሹ ሶስት እጥፍ በላይ። ረመዳን ላይ ብዙ ችግር የሚያመጣው ይሄ ነው፣ ሰው «እኔ ሶስት ተምር ብቻ ነው የማፈጥርበት» ይልሻል፣ እውነቱን ነው ሶስት ነው። ግን ሶስት ትንሹ 17 ግራም ካርቦ ነው፣ ሶስት ትልቁ 54። ዘመድ ከውጭ ጥሩ ተምር በካርቶን ሲልክ ቁጥሩን ሳይቀይሩ ነው የሚቀጥሉት፣ ከዛ በኢድ ሰሞን ስኳራቸው ለምን እንዳሻቀበ ግራ ይገባቸዋል።

አንዲት እናት ነበሩ ወደኔ የሚመጡ፣ ሻያቸውን ያለ ስኳር ከጀመሩ ቆይተዋል፣ በጣም ይኮሩበታል ደግሞም ሊኮሩበት ይገባል፣ ግን ሻዩ እንዳይመራቸው ተምር እየገመጡ ነው የሚጠጡት። ስንት ተምር ሲባሉ «አንድ ሁለት» ይላሉ። ነገ ሲበሉ ፍሬውን አይጣሉት ሳህን ላይ ይሰብስቡልኝ አልኳቸው። በሁለተኛው ቀን በላስቲክ ቋጥረው አመጡልኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈን አብረን ቆጠርነው፣ 19። ከመቶ ግራም በላይ ካርቦ ከተምር ብቻ፣ በአንድ ቀን። እሳቸው ራሳቸው ነበሩ የደነገጡት፣ ሲዋሹኝ አልነበረም፣ በአንዴ የሚበሉት እውነትም አንድ ሁለት ነው፣ ሻዩ ግን ብዙ ጊዜ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ አንቺም እናትሽን «ስንት በላሽ» እያልሽ ከምትጨቀጭቂያቸው ፍሬውን መሰብሰብ ይሻላል፣ ፍሬ አይረሳም።

እንግዲህ የእናትሽን ጠዋት እንደምረው። የኔን እጅ የሚያክል አንድ እጅ ዘቢብ ቢሆን 45 ግራም፣ 35 ግራም ካርቦ። አንድ እጅ ተምር ትንሹ አይነት ስምንት ፍሬ ይይዛል እንበል፣ 45 ግራም ካርቦ። ድምሩ 80። ከዚህ ውስጥ ፋይበሩ ሰባት ግራም ገደማ ስለሆነ ወደ ደም የማይገባ ነው ብለሽ ቀንሺው፣ 73 ግራም ይቀራል። በሻይ ማንኪያ ስኳር ብትቆጥሪው አንዱ 4 ግራም ስለሆነ ወደ 18 ማንኪያ። አሁን የከለከላችኋቸውን ማንጎ አምጪና አጠገቡ አስቀምጪው። መካከለኛ ማንጎ ልጣጩና ፍሬው ተነስቶ 200 ግራም የሚበላ ነገር ቢኖረው 30 ግራም ካርቦ ነው ያለው። ማለት በማንጎ ፋንታ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ማንጎ ተኩል የሚያህል እየሰጣችኋቸው ነበር፣ ያውም ቁርሱ ላይ ተጨምሮ። እፍኙ ሁለት እጅ ከሆነማ እጥፉን አስቢው። ስኳራቸው አልወርድ ቢል አይገርምም።

እዚህ ጋር ብዙ ሰው የሚያነሳው ነገር አለ፣ ምናልባት ላንቺም ነግረውሽ ይሆናል፣ «ተምር ግላይሴሚክ ኢንዴክሱ ዝቅተኛ ነው ለስኳር ችግር የለውም» የሚል። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሽ ነው። ኤምሬትስ ውስጥ አምስት አይነት ተምር ጤነኛም ስኳር ያለባቸውም ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2011 የወጣ ጥናት አለ፣ ከ44 እስከ 55 ነው ያገኙት፣ ዝቅተኛ የሚባለው ውስጥ ነው። ግን ይሄ ኢንዴክስ የሚለካው እንዴት ነው፣ የካርቦው መጠን እኩል ተደርጎ ነው፣ ከአንዱ ምግብም ከሌላው ምግብም እኩል ካርቦ ይሰጥና የትኛው ደም ውስጥ ስኳርን የበለጠ ከፍ አረገ ተብሎ ይታያል። ስለ እፍኝሽ ምንም አይነግርሽም። የኢንዴክሱ ቁጥር ለ3 ተምርም ለ13 ተምርም ያው ነው፣ ደማቸው ውስጥ የሚገባው ግን ያው አይደለም። ቀስ ብሎ የሚገባ ብዙ ስኳር መጨረሻ ላይ ብዙ ስኳር ነው። ታይፕ 2 ላለበት ሰው ደሞ መጠኑ ነው መጀመሪያ የሚታየው።

ሌላው «ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን ነው የምንሰጣት» የሚሉ አሉ። ዘቢብ ሲዘፈዘፍ ያብጣል፣ ወይን ይመስላል፣ ግን የጠጣው ውሃ ነው እንጂ ስኳሩ የትም አልሄደም። የተወሰነው ስኳር ወደ ውሃው ይወጣል፣ ውሃውን ጣፋጭ ሆኖ የምታገኚው ለዛ ነው፣ ውሃውን ከጠጡት ሁሉም ገባ ማለት ነው። መዘፍዘፍ አንድ ጥቅም አለው፣ መጠኑ ስለሚጨምር በትንሹ ብዙ የበሉ ይመስላቸዋል፣ ማኘኩም ይቀላቸዋል፣ ጥርስ ለሌላቸው ሰዎች እኔም እመክረዋለሁ። ግን ሳትዘፈዝፊ በፊት ለኪው፣ ካበጠ በኋላ በማንኪያ ብትሰፍሪው ልኩ ይጠፋብሻል።

እና ምን ላርግ ካልሽ፣ ተምርና ዘቢብ መርዝ ነው ብዬ ከቤት አላስወጣም፣ እዚህ ሀገር ተምር ከቤት ይጥፋ ማለትም አይሆንም። በአንድ ጊዜ ከፍራፍሬ ወደ 15 ግራም ካርቦ ብቻ እንዲያገኙ አርጊ፣ እኛ የምንጠቀመው ልክ ይሄ ነው። 15 ግራም ማለት ዘቢብ ከሆነ ልክ ያለ፣ ያልተቆለለ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው፣ 40 ፍሬ ገደማ። ትንሹ ተምር ከሆነ ሶስት ፍሬ፣ ትልቁ ከሆነ አንድ አይሞላም። በትኩሱ ከሆነ ደሞ ያው 15 ግራም ማለት ግማሽ ማንጎ ነው፣ ወይም ትንሽ ሙዝ፣ ወይም 17 ፍሬ ወይን፣ ወይም የተከተፈ ፓፓያ አንድ ሙሉ ስኒ፣ የቡና ስኒ ሳይሆን ትልቁን ማለቴ ነው፣ ሩብ ሊትር የሚይዘውን። ከነዚህ አንዱን ይምረጡ፣ ሁሉንም አይደለም። እኔ ብሆን እናትሽን ምርጫ ሰጥቼ ፓፓያውን ወይ ማንጎውን እንዲወስዱ ነው የምፈልገው፣ ሙሉ ሳህን ሆኖ ይታያቸዋል፣ ውሃ አለው፣ በዚህ ሙቀት ሰውነታቸውም ይፈልገዋል። ሶስት ተምር ሳህን ላይ ሲያዩት የተቀጡ ነው የሚመስላቸው።

አንድ ነገር ግን በጣም ጠንቅቀሽ አንብቢልኝ። ነገ ጠዋት ተነስተሽ ዘቢቡንና ተምሩን በአንዴ እንዳታቆሚባቸው፣ መጀመሪያ የሚወስዱት ኪኒን ምን እንደሆነ እዪ። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ብዙም አያሰጋም። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ካለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሀኪሙ ስኳራቸው አልወርድ ሲል አይቶ መድሀኒቱን ጨምሮላቸው ሊሆን ይችላል፣ ዘቢቡን አያውቅም፣ አልነገራችሁትም። ያ የተጨመረው መድሀኒት ያን በየጠዋቱ የሚገባ 73 ግራም ለመሸፈን ነው የተጨመረው። አሁን ካርቦው በድንገት ሲቀር መድሀኒቱ ብቻውን ይቀራል፣ ስኳራቸው ከልክ በታች ይወርዳል። ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ልባቸው ይመታል፣ ግራ ይጋባሉ፣ ድሬ ላይ ደሞ ሙቀት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው ላቡን። ስለዚህ ለሀኪማቸው «በየቀኑ ይሄን ያህል ዘቢብና ተምር ትበላ ነበር፣ ልንቀንስ ነው» ብለሽ በቁጥር ንገሪው፣ መድሀኒቱን እሱ ያስተካክለው፣ አንቺ አትቀንሺ።

ስኳራቸው ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደ ደሞ ተምሩ በተራው ይጠቅማል፣ ሶስት ትንንሽ ተምር ያንኑ 15 ግራም ይሰጣል፣ ግን እስኪታኘክ ጊዜ ይወስዳል፣ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት ይፈጥናል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፣ ካልተነሳ ድገሙት። ራሳቸውን ከሳቱ ምንም ነገር አፋቸው ውስጥ አታስገቡ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ግሉኮሜትር እቤት ካላችሁ እውነት ዘቢቡ መሆኑን በራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሁለት ጠዋት ያንኑ ቁርስ ያብሉ፣ ለምሳሌ ፉል በግማሽ ዳቦ፣ አንዱን ቀን ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘቢብ ጋር ሌላውን ቀን ያለ ዘቢብ። ከመብላታቸው በፊት ይለካ፣ መብላት ከጀመሩ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሞላቸው እንደገና ይለካ። የሁለቱን ልዩነት ፃፊው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች መሆን ነው አብዛኛው ሰው የሚፈለግበት። አንድ ቀን ብቻ አይታመንም፣ እንቅልፍም ጭንቀትም ስኳርን ያዛባል፣ ከቻልሽ ሁለቱንም ሁለት ሁለቴ ድገሚው። ዳቦውን አንድ ቀን ግማሽ አንድ ቀን ሙሉ ካረግሽው ግን ሙከራው ተበላሸ፣ የለካሽው ዳቦውን ነው።

ስለ ሌሎቹ ደረቆች ባጭሩ፣ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው የደረቀ አፕሪኮትና የደረቀ በለስ በመቶ ግራም 63፣ 64 አካባቢ ናቸው፣ ከዘቢብ ትንሽ ይሻላሉ ግን እዛው ሰፈር ናቸው። የደረቀ ማንጎ በፓኬት የሚመጣው ላይ ጀርባውን አንብቢ፣ ብዙ ጊዜ ስኳር ተጨምሮበት ነው፣ ያ በራሱ ስኳር ላይ የሚደመር ነው። ስታነቢ ደሞ ሰርቪንግ ሳይዝ የሚለውን መጀመሪያ እዪ፣ ካርቦው የተፃፈው ለ30 ወይም ለ40 ግራም ሊሆን ይችላል፣ ሰው ለሙሉው ፓኬት መስሎት ሁሉንም ይበላል። ተምርም ላይ እጅሽ ላይ እንደ ማር የሚጣበቅና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሽሮፕ ተቀብቶ ሊሆን ስለሚችል ካርቶኑ ላይ ምን ምን እንደገባበት አንብቢ፣ ተምር ብቻ የሚለውን ምረጪ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ኩላሊታቸው ተነክቷል ተብለው ከሆነ ሁለቱን ማንኪያ ዘቢብም ቢሆን ከመስጠትሽ በፊት ሀኪሙን ጠይቂ፣ ሲደርቅ የሚጨመቀው ስኳሩ ብቻ አይደለም ፖታሲየሙም ነው፣ ወይን በመቶ ግራም 190 ሚሊ ግራም ገደማ ሲኖረው ዘቢብ 750 ይደርሳል። ኩላሊታቸው ደህና ከሆነ ይሄ አያሳስብሽም።

አሁን ሩብ ኪሎው ውስጥ ስንት ተምር እንደወጣ ቁጠሪና የኪኒናቸውን ስም ከነሚሊ ግራሙ ጨምረሽ ፃፊልኝ፣ የእናትሽን ልክ በፍሬ ቁጥር አውጥቼ እመልስልሻለሁ።